ቪዲዮው ለምን ማስረጃ አይሆንም? ስለ ዋሻው፣ ስለ ሚስጥሩ በርና ስለ ዜሮ ኖሌጅ ፕሩፍ

ሕሊና_ገርጂ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ዜሮ ኖሌጅ ፕሩፍ፣ ማለትም ሚስጥሩን ሳይናገሩ ማወቅን ስለማረጋገጥ፣ ሳነብ ሁሉም በአንድ የዋሻ ታሪክ ነው የሚጀምሩት። ታሪኩ ገብቶኛል፤ ያልገባኝ ምክንያቱ ነው።

እንደተረዳሁት ዋሻው መግቢያው አንድ ነው። ትንሽ ገባ ሲሉ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ ግራና ቀኝ። ሁለቱ መንገዶች ከኋላ ይገናኛሉ፣ ግን መሃላቸው በር አለ። በሩ የሚከፈተው ሚስጥሩን ቃል ለሚያውቅ ብቻ ነው። ጓደኛዬ ቃሉን አውቃለሁ ትላለች። ልትነግረኝ ግን አትፈልግም። እኔም ሳላይ አላምንም።

ስለዚህ እኔ ውጭ እቆማለሁ፣ እሷ በፈለገችው መንገድ ትገባለች፤ በየት እንደገባች አላይም። ከዚያ እስከ መገንጠያው ድረስ ገብቼ ሳንቲም እወረውራለሁ። ዘውድ ከሆነ «በግራ ውጪ!» እላለሁ፣ ጎፈር ከሆነ «በቀኝ ውጪ!»። እሷ በጠራሁት በኩል ትወጣለች። ይህን 20 ጊዜ እንደጋግማለን።

ጥያቄዬ፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መገንጠያው ላይ ቆሜ በግራ ስትገባ ባያት፣ በቀኝ ስትወጣም ባያት አንድ ጊዜ አይበቃም ወይ? ቃሉን እንደሆነ በሹክሹክታ ብትለው አልሰማም። ሚስጥሯ የተጠበቀ ነው።

---

ዳዊት_ኮደር

ሕሊና፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ቀላል ይመስለኛል። አንድ ጊዜ በዕድል ሊሆን ይችላል። ቃሉን ባታውቅም በግራ ገብታ አንቺ ግራ ብትያት ዝም ብላ ትመለሳለች። ሃምሳ በመቶ ዕድል አላት። ሁለት ጊዜ ስታደርጉት ዕድሏ ወደ ሩብ ይወርዳል። 10 ጊዜ ከሆነ ከ1024 አንድ ነው። 20 ጊዜ ከሆነ ከሚሊዮን አንድ ገደማ። ዜሮ ኖሌጅ ማለት ይሄው መደጋገሙ ነው።

በነገራችን ላይ ድረ ገጾች ፓስዎርድሽን ሃሽ አድርገው፣ ማለትም ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት ቀይረው፣ ሲያስቀምጡም ያው ነገር ነው። ፓስዎርዱን ሳያውቁት ማወቅሽን ያረጋግጣሉ።

---

የሒሳብ_መምህር

ዳዊት፣ የዕድሉ ስሌት ልክ ነው። ግን የሕሊናን ጥያቄ አልነካኸውም። እሷ ያቀረበችው መንገድ ዕድል የሚባል ነገር የለውም። በግራ ገብታ በቀኝ ከወጣች በሩን ከፍታለች፣ አለቀ። ከሳንቲሙ ይልቅ የሷ ዘዴ ጠንካራ ማረጋገጫ ነው። ታዲያ ባለሙያዎቹ ለምን ደካማውን መረጡ?

የፓስዎርዱም ነገር አንድ አይደለም። ለመግባት ፓስዎርዱን ስትጽፍ ሙሉ ቃሉ ወደ እነሱ ይሄዳል። ሃሽ የሚያደርጉት ከደረሳቸው በኋላ ነው። ዋሻው ውስጥ ግን ቃሉ ከእሷ አፍ ወጥቶ ማንም ጆሮ አይገባም።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ይህን ታሪክ የጻፉት የቤልጂየሙ ዣን ዣክ ኪስካተርና የፈረንሳዩ ሉዊ ጊዩ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ሆነው ነው፣ ለ1989 የክሪፕቶግራፊ ጉባኤ። ለልጆች ለማስረዳት ብለው የአሊ ባባን ዋሻ ወሰዱ። አብዛኛው ሰው የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው የሚተርከው። ቁም ነገሩ ያለው በሁለተኛው ግማሽ ነው።

በታሪኩ ውስጥ ሚክ አሊ የሚባል ሰው አለ። ቃሉን እንደሚያውቅ ለአንድ ጋዜጠኛ ያሳያል፣ ልክ ሕሊና እንደጻፈችው፣ በሳንቲም። 40 ጊዜ ይደጋግማሉ። ጋዜጠኛው ሁሉንም በካሜራ ይቀርጻል። 40 ጊዜ ሙሉ ሚክ አሊ በተጠራበት በኩል ይወጣል።

የሌላ ጣቢያ ጋዜጠኛ ይቀናል። ሚክ አሊ ለሱ አልቀረጽም ይለዋል። ጋዜጠኛውም ሚክ አሊን የሚመስል ሰው ፈልጎ ዋሻው ውስጥ ያስገባዋል። ሰውየው ቃሉን አያውቅም። ስለዚህ ግማሹ ሙከራ ይበላሻል፤ በቀኝ ሲባል በግራ ይወጣል። ጋዜጠኛው የተበላሸውን ቆርጦ ይጥላል። የቀረውን ሲቀጥለው 40 የተሳካ ሙከራ ያለበት ቪዲዮ ይሆናል። ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ዳኞቹ ሁለቱን ቪዲዮዎች አይተው እውነተኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻሉም።

አሁን የራስሽን ዘዴ አስቢ፣ ሕሊና። በግራ ስትገባ በቀኝ ስትወጣ ያለ ምንም ቆረጣ ብትቀርጪያት፣ ቪዲዮሽ ለዓለም ሁሉ ማስረጃ ነው። ጓደኛሽ ቃሉን ማወቋ ራሱ አደጋ ሊሆንባት ይችላል። ለአንቺ ብቻ ልታሳይ ፈልጋ ነበር፤ አሁን ለማንም ልታሳዪባት የምትችዪው ነገር እጅሽ ገባ። በሳንቲሙ መንገድ ግን አንቺ ታምኛለሽ እንጂ ይዘሽ የምትሄጂው ምንም የለም።

---

ሕሊና_ገርጂ

መምህር፣ በጣም አመሰግናለሁ። ይህን ግማሽ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ግን አሁን የባሰ ግራ ገባኝ። ሁለቱ ቪዲዮዎች አንድ ከሆኑ፣ የመጀመሪያው ጋዜጠኛ ለምን አመነ? እሱ ያየው ቪዲዮው ላይ ያለውን ነው። ዳኛውም ያየው ያንኑ ነው። አንዱ በትክክል አመነ፣ ሌላው መለየት አቃተው። ያዩት አንድ ሆኖ ሳለ እንዴት ይለያያሉ?

---

የሒሳብ_መምህር

ሳንቲሙን የወረወረው እሱ ነዋ!

ጋዜጠኛው የሚያውቀው፣ ዳኛው ግን የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ሰውየው ገብቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ሳንቲሙ የተወረወረው። ውጤቱን ማንም አስቀድሞ አላወቀም። ምንም ሙከራ ተቆርጦ አልተጣለም። ይህን ጋዜጠኛው በገዛ እጁ ነው ያደረገው። ዳኛው ግን በወሬ ነው የሚሰማው።

ስለዚህ እምነቱ የሚመጣው ከምስሉ አይደለም። ከቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ መግባት፣ ከዚያ ሳንቲም። ይህ ከተገለበጠ ቃሉን የማያውቅ ሰውም 40 ጊዜ ያልፋል። ጓደኛሽና አንቺ ማታ ተቀምጣችሁ «ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ…» ብላችሁ ዝርዝር ብትስማሙ፣ ጠዋት የምታሳዩት ለእኔ ከንቱ ነው። ለአንቺም ቢሆን ሳንቲምሽ የተጭበረበረ ከሆነና ሁልጊዜ ዘውድ ከወደቀ እሷ በግራ ገብታ በግራ ትወጣለች።

ሻፊ ጎልድዋሰር፣ ሲልቪዮ ሚካሊና ቻርልስ ራኮፍ በ1985 ሐሳቡን ሲያቀርቡ «ዜሮ» ያሉት በዚህ መለኪያ ነው። ከውይይቱ ያገኘኸውን ሁሉ ሚስጥሩን ከማያውቅ ሰው ጋር ቁጭ ብለህ ራስህ መሥራት ከቻልክ፣ ምንም አልተማርክም። ሁለተኛው ጋዜጠኛ ይህንኑ ነው ያደረገው።

---

ሳምራዊት_ኤም

ይቅርታ፣ እኔ ኮምፒውተር አላጠናሁም፤ ግን ይህ ክር ቀልቤን ሳበው። ባለፈው ወር ቤት ስከራይ አከራዩ የደሞዝ ማስረጃና የስድስት ወር የባንክ ስቴትመንት ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ለማን ብር እንደላክሁ፣ መድኃኒት የት እንደገዛሁ ሁሉ አዩ። ወረቀቱም እዚያው ቀረ። እስከ ዛሬ ሲያናድደኝ ይኖራል።

በዚህ በዋሻው መንገድ ደሞዜ ከ45 ሺህ ብር በላይ መሆኑን ብቻ ማሳየት እችል ነበር ማለት ነው? አከራዩ ሳንቲም ይወረውራሉ?

---

ዳዊት_ኮደር

አዎ ሳምራዊት፣ ይቻላል። ቁጥሩ ከዚህ በላይ ነው፣ ዕድሜ ከ18 በላይ ነው፣ እንዲህ ያሉትን ቁጥሩን ሳያሳዩ ማረጋገጥ ዛሬ የሚሠራ ነገር ነው። አንቺ ስልክሽ ላይ ደሞዜ 60 ሺህ ነው ብለሽ ታስገቢያለሽ፣ ፕሮግራሙ ማረጋገጫውን ያወጣል፣ አከራዩ «ከ45 ሺህ በላይ፦ እውነት» የሚለውን ብቻ ያያሉ።

---

ብሌን_ሽቱትጋርት

ዳዊት፣ እዚህ ላይ ላቁምህ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሥራዬ ይኸው ስለሆነ በየሳምንቱ አየዋለሁ።

ሳምራዊት 60 ሺህ ብላ ራሷ ካስገባች፣ 600 ሺህ ብላም ማስገባት ትችላለች። ማረጋገጫው ያልፋል። ምክንያቱም ያረጋገጠው «ከ45 ሺህ የሚበልጥ ቁጥር አውቃለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ማን የማያውቅ አለ? ዋሻውን አስቡት። በሩን የተከለችው ራሷ ተፈታኟ ከሆነች መክፈቷ ምን ይነግረናል?

የሚሠራው እንዲህ ነው። አሠሪዋ ወይም ባንኩ መጀመሪያ ደሞዟን ጽፎ በዲጂታል ፊርማ ይፈርምላታል። ከዚያ እሷ የምታረጋግጠው «ይህ ተቋም የፈረመበት ወረቀት አለኝ፣ በውስጡ ያለው ደሞዝም ከ45 ሺህ በላይ ነው» የሚለውን ነው። ወረቀቱ አይታይም፤ ፊርማው ግን ይቆጠራል። ስለዚህ ሳምራዊት፣ ሒሳቡ ዝግጁ ነው። የሚያስፈልግሽ የሚፈርምልሽ ተቋምና ያንን የሚቀበል አከራይ ነው። ያለ እነዚህ ሁለቱ አንቺ ብቻሽን ልታደርጊው አትችዪም።

አከራዩ ሳንቲም መወርወር አያስፈልጋቸውም። ለምን እንደሆነ ግን ረዘም ያለ ነገር ነው።

---

ሕሊና_ገርጂ

ብሌን፣ እባክሽ ረዘም ያለውን ንገሪን። እውነተኛው ነገር ውስጥ ዋሻ የለም አይደል? በሩ ምንድነው? ሳንቲሙስ?

---

ብሌን_ሽቱትጋርት

እሺ፣ በትንንሽ ቁጥሮች አሳይሻለሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። ዘዴው የጀርመናዊው የክላውስ ሽኖር ነው።

ሁላችንም የምናውቃቸው ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ 2 እና 23። 2ን ደጋግመን በራሱ እናባዛና ለ23 ስናካፍል የሚቀረውን ብቻ እንይዛለን። ከ11 ብዜት በኋላ ወደ 1 ይመለሳል፤ እንደ ሰዓት ይዞራል። ስለዚህ የብዜቱን ቁጥር ስናሰላ ለ11 አካፍለን ቀሪውን እንይዛለን።

የእኔ ሚስጥር x ነው። y ን ለሁሉም እነግራለሁ። ከታች ^ ስንት ጊዜ እንደተባዛ፣ mod ደግሞ ካካፈልን በኋላ የሚቀረውን ያሳያል።

```
x = 7
y = 2^7 mod 23 = 13

k = 5      t = 2^5 mod 23 = 9
c = 3
s = (5 + 3*7) mod 11 = 4

2^4 mod 23 = 16
9 * 13^3 mod 23 = 16
```

k በዕጣ የመረጥሁት ቁጥር ነው፤ ለማንም አልናገርም። t ን እልክልሻለሁ። ይህ ወደ ዋሻው መግባቴ ነው፤ ከዚህ በኋላ ሐሳቤን መቀየር አልችልም። ከዚያ አንቺ c ን በዕጣ ትመርጫለሽ። ሳንቲምሽ እሱ ነው። እኔ s ን እመልሳለሁ፣ ይህ መውጣቴ ነው። አንቺ የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ታሰያለሽ። እኩል ከሆኑ አልፌያለሁ። 7 የሚባል ቁጥር በመካከላችን አልተላለፈም።

ልዩነቱ፣ ሳንቲም ሁለት ፊት ብቻ ነው ያለው። c ግን እዚህ 11 ዓይነት ሊሆን ይችላል። ዋሻው 11 መውጫ እንዳለው ቁጠሪው፤ በግምት ማለፍ ከ11 አንድ ነው። በእውነተኛው ሥራ ደግሞ ቁጥሮቹ 77 አሃዝ ያህል ይረዝማሉ። ስለዚህ 20 ጊዜ መደጋገም ቀርቶ አንድ ጊዜ ይበቃል።

በእነዚህ ትንንሽ ቁጥሮች ግን ሚስጥር እንዳትደብቂ። 11ዱንም ሞክሮ 7ን ለማግኘት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። k ሁለት ጊዜ ጥቅም ላይ ከዋለ ሁሉም ነገር ይፈርሳል። በዚያው k = 5 አንዴ c = 3፣ ሌላ ጊዜ c = 8 ብትጠይቂኝ፣ መልሶቼ 4 እና 6 ናቸው። c በ5 ጨመረ፣ s በ2 ጨመረ። ታዲያ በ5 ሲባዛ ለ11 ተካፍሎ 2 የሚቀረው ቁጥር ማን ነው? 7። ሚስጥሬ ወጣ። በዋሻው ቋንቋ፣ አንድ ጊዜ ገብቼ በሁለቱም በኩል ስወጣ አየሽኝ ማለት ነው። በ2010 መጨረሻ የፕሌይስቴሽን 3 የፊርማ ቁልፍ የወጣው በዚህ ዓይነት ስህተት ነው። በየፊርማው መቀየር የነበረበት ቁጥር ሳይቀየር ቀርቶ። ሎግ ላይ አንድ ዓይነት t ሁለት ጊዜ ካያችሁ እዚያው ቁሙ። ምልክቱ እሱ ነው።

---

ሕሊና_ገርጂ

ትናንት ማታ ሙሉውን በወረቀት ሠራሁት። ከዚያ የሁለተኛው ጋዜጠኛ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ 7ን የማላውቅ ሰው ብሆን ቪዲዮውን መሥራት እችላለሁ ወይ ብዬ ሞከርኩ። ከመጨረሻው ጀመርኩ። c = 5 እና s = 9 ብዬ ዝም ብዬ መረጥኩ። ከዚያ የሚስማማውን t ፈለግሁ።

```
2^9 mod 23 = 6
13^5 mod 23 = 4
t * 4 mod 23 = 6   ->   t = 13
```

13 ሲባዛ በ4፣ 52። ለ23 ሲካፈል 6 ይቀራል። ያልፋል! t = 13፣ c = 5፣ s = 9 ብዬ ብሰጣችሁ ብሌን ከሠራችው ልትለዩት አትችሉም። 7ን ግን አልነካሁትም። አሁን ነው ዳኞቹ ለምን እንዳልለዩ የገባኝ። ወደ ኋላ ስለሠራሁት ነው። ፊት ለፊት ብትጠይቁኝ ግን t ን አስቀድሜ መስጠት አለብኝ፤ ያኔ አልችልም።

---

የሒሳብ_መምህር

ጎበዝ ሕሊና! ይህን የሠራ ሰው ትርጉሙን በእጁ ነው የያዘው።

---

ዳዊት_ኮደር

ስለ ደሞዙ ያረምሽኝ ልክ ነሽ ብሌን፣ ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ብሎክቼይን ላይ ማረጋገጫው አንድ ጊዜ ይለጠፋል፣ ዓለም ሁሉ ያየዋል፣ ሁሉም ያምናል። ማንም ሳንቲም አልወረወረም። መምህር ግን ቪዲዮ ማስረጃ አይሆንም ብለውናል። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ?

---

ብሌን_ሽቱትጋርት

አሞስ ፊያትና አዲ ሻሚር በ1986 ያመጡት ዘዴ ነው። c ን ሰው አይመርጠውም። t ን ከሌላው ይፋዊ መረጃ ጋር ሃሽ ውስጥ ትከትዋለህ፤ የሚወጣው c ይሆናል። ሃሹ አስቀድሞ አይገመትም። t ን ትንሽ ብትነካው c ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ስለዚህ ሕሊና እንዳደረገችው ከመጨረሻው መጀመር አይቻልም፤ c ን መርጠህ የሚመጥን t ብታገኝ፣ የዚያ t ሃሽ ሌላ c ይሰጥሃል። ሳንቲሙን ዋሻው ራሱ ወረወረው እንደማለት ነው። የሳምራዊት አከራይም ሳንቲም የማያስፈልጋቸው ለዚህ ነው።

---

የሒሳብ_መምህር

እኔ እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። እንዲህ ሲሆን ማረጋገጫው ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ወረቀት ሆነ። ሕሊና መጀመሪያ ያቀረበችው ያልተቆረጠ ቪዲዮ ሆነ ማለት ነው። ሚስጥሩ አልወጣም፣ እስማማለሁ። ግን «ይህች ሰው ታውቃለች» የሚለው ወሬ በማስረጃ ተደግፎ ይዞራል። በዋሻው ታሪክ ጓደኛዋን ያዳናት ይህ አለመሆኑ ነበር። ስሙን «ዜሮ» ማለታችንን መቀጠላችን ለጀማሪ አሳሳች ይመስለኛል።

---

ብሌን_ሽቱትጋርት

መምህር፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን አልስማማም። ስለ x የሚወጣ መረጃ የለም፤ ለእኔ ዜሮ ማለት እሱ ነው። መተላለፉ አንዳንዴ ጉዳት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የተፈለገው እሱ ራሱ ነው። ብሎክቼይን ላይ ሁሉም ማየት አለበት። ለሳምራዊት ጉዳይ ግን እርስዎ ያሉት ይበልጥ ይጠቅማታል። አከራዩ ማረጋገጫውን ለደላላ ማሳየት እንዳይችሉ የሚያደርጉ አሠራሮች አሉ፤ ለእሳቸው ብቻ የሚያሳምን ተደርጎ ይሠራል።

---

ሳምራዊት_ኤም

እሱን ነው የምፈልገው። ወረቀቴን ለማን እንዳሳዩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

---

የሒሳብ_መምህር

ብሌን፣ በዚህ ጉዳይ ገና እንከራከራለን። ለዛሬ ከክፍሌ ያመጣሁትን ልጨምር። ትምህርት ቤታችን ሁለት ደረጃ ያለው ሕንፃ አለ። ፎቁ ላይ ሁለቱን ደረጃዎች የሚያገናኘው ኮሪደር መሃል የሚቆለፍ በር አለ። ቁልፉን ለአንዲት ተማሪ ሰጠሁ፣ ለሌላው ልጅ አልሰጠሁም። ማን እንደያዘ ክፍሉ አያውቅም። ቁልፍ የሌለው ልጅ አራት ጊዜ በዕድል አለፈ። ክፍሉ ግማሹ «እሱ ነው» ብሎ ደመደመ። አምስተኛው ላይ በተሳሳተ ደረጃ ወረደ።

ከዚያ አንዲት ተማሪ ጠየቀችኝ። «መምህር፣ ሳንቲሙን የወረወረው ሮቤል ነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሮቤል ካመነ እኔስ ማመን አለብኝ?» ሮቤል ቁልፍ ካላት ልጅ ጋር አልተማከረም ብለሽ ካመንሽ አዎ፣ አልኳት። ትንሽ አሰበችና ሌላ ሳንቲም ከኪሷ አወጣች። «ሁለታችንም እንወርውር። ሁለቱ ሳንቲሞች አንድ ዓይነት ከወደቁ በግራ ትውረድ፣ ከተለያዩ በቀኝ» አለች።

---

ሕሊና_ገርጂ

ያኔ ሮቤል ቢያጭበረብር እንኳ የእሷ ሳንቲም ያበላሽበታል! መምህር፣ ግን ሮቤል የእሷን ሳንቲም አይቶ የራሱን ቢያስቀምጥስ?

---

የሒሳብ_መምህር

ሰኞ እጠይቃታለሁ።